ሐይቁ ዳር +13፣ ከተራራው ጀርባ −18፣ አማካዩ ዜሮ፦ ይህን ሞዴል ልመነው?

ራዲዮ_ሐዋሳ

ሰላም ለቤቱ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልጠይቃችሁ።

የምሠራው አንድ ንዑስ ተቋራጭ ጋ ነው። ሐዋሳ ታቦር ተራራ አጠገብ ላለ አንድ ሳይት የሽፋን ትንበያ ሠራሁ። 4ጂ ነው፣ 1800 ሜጋኸርዝ፣ አንቴናው 30 ሜትር ላይ፣ ሦስት ሴክተር። አንዱ ወደ ከተማው መሀል ያያል፣ አንዱ ወደ ሐይቁ፣ አንዱ ወደ ተራራው። ሞዴሉ ኮስት 231 ሃታ ነው። የቤቱን፣ የዛፉንና የውኃውን ቦታ የሚለይ ዲጂታል ካርታ አልነበረንም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ላይ «ሰብኧርባን» የሚለውን መረጥኩና ሁሉንም በአንድ አስኬድኩት።

ከዚያ እየተዘዋወርኩ ሲግናሉን ልለካ ድራይቭ ቴስት ወጣሁ። ከተለካው ሲግናል የተተነበየውን ስቀንስ አማካዩ −0.3 ዲቢ መጣ። አለቃዬ ይህን ሲያይ «ሞዴሉ ልክ ነው፣ በዚሁ ቀጥዪ» አለኝ። ቀጥሎ አሥራ አንድ ሳይት አለን። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን 12.5 ዲቢ ነው፤ እሱን ማንም አላየው።

ከተራራው ጀርባ ያሉ ሰዎች ኔትወርክ የለንም ይላሉ። የእኔ ካርታ እዚያ ሰፈር ላይ አረንጓዴ ነው። ሐይቁ ዳር ደግሞ ተቃራኒው ነው። አሣ አጥማጆች መረባቸውን ዘርግተው የሚጠግኑበት አንድ ቦታ አለ። ከሳይቱ 3 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መሀሉ ውኃ ነው። ሞዴሉ ለዚያ ቦታ −109 ዲቢኤም ብሎኛል። ስልኬ −95 ይላል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ከ−97 አልወረደም።

አማካዩ ዜሮ ከሆነ ሞዴሉ ልክ ነው ማለት ነው? ካልሆነስ ምኑን ልለውጥ?

ሒሳብ_ወዳጅ

እህቴ፣ ችግሩ ሞዴሉ አርጅቷል። መሠረቱን ኦኩሙራ የለካው በ1960ዎቹ ነው፣ ሃታ ወደ ፎርሙላ የቀየረው በ1980 ነው። ያኔ 4ጂ የት አለ? ለጂኤስኤም ዘመን የተሠራ ነገር ለኤልቲኢ አይሆንም። አዲስ ሞዴል ፈልጊ።

እሱ ካልተቻለ ደግሞ የሚያስጨንቅ አይደለም። የሞዴሉ የመጀመሪያ ቋሚ ቁጥር ላይ ስህተቱን ደምሪለት፣ አለቀ። እኛ ዩኒቨርሲቲ የተማርነው እንደዚያ ነው። ያንቺ አማካይ −0.3 ስለሆነ 0.3 ብቻ ነው የምታስተካክዪው።

የድሮ_ታወር

ሒሳብ ወዳጅ፣ ግማሹ ልክ ነህ፣ ግማሹ ግን ሊያሳስታት ነው።

የሬዲዮ ሞገድ 4ጂ ይሁን 2ጂ አያውቅም። የሚያውቀው ፍሪኩዌንሲውን፣ ከፍታውንና መሀል ላይ ያለውን ነገር ነው። ኮስት 231 ከ1500 እስከ 2000 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ ስለዚህ የእሷ 1800 ውስጡ ነው። አንቴናዋ 30 ሜትር ነው፤ ከ30 እስከ 200 ስለሚል እሱም ድንበሩ ላይ ይገባል። ርቀቱ ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱም ይገባል። በ2600 ብትሠራ ወይም አንቴናው 18 ሜትር ጣሪያ ላይ ሆኖ 400 ሜትር ለመሸፈን ቢሆን ያንተን ሥጋት እጋራ ነበር። እዚህ ግን ዕድሜው አይደለም ችግሩ።

ችግሩ ይህ ነው። ኦኩሙራ ቶኪዮና አካባቢዋ ላይ ሲለካ ሁሉንም በአንድ አልጨፈለቀም። ለጥ ላለ መሬት አንድ መሠረታዊ ኩርባ አወጣ። ከዚያ ለብቻው ለተነጠለ ተራራ፣ ለተዳፋት፣ ግማሹ ውኃ ግማሹ መሬት ለሆነ መንገድ የየራሳቸውን ማስተካከያ ኩርባ ሠራ። ሃታ ፎርሙላ ያደረገው መሠረታዊውን ነው። ከተማ፣ ሰብኧርባን፣ ገላጣ የሚሉትን ይዞ መጣ። ተራራውና ውኃው ወረቀቱ ላይ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ፎርሙላውን ኮምፒውተር ላይ ስንጭን የቀሩትን ኩርባዎች ረሳናቸው።

የእሷ ሳይት በአንድ በኩል ውኃ፣ በሌላው ተራራ ነው። ሃታ የጣላቸው ሁለቱ ነገሮች ናቸው።

ልጄ፣ አማካዩን ተዪው። መጀመሪያ ስህተቱን በየሴክተሩ ከፍለሽ አምጪ። ስንት ነጥብ፣ አማካዩ ስንት፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስንት። ከዚያ እንነጋገራለን።

ሐይቅ_ዳር_ፔንሲዮን

ይቅርታ፣ እኔም ሐዋሳ ነኝ፣ ፔንሲዮን አለኝ። ሞዴል ስትሉ የትኛው የስልክ ሞዴል ነው ሐይቅ ዳር ጥሩ የሚይዘው? እንግዶቼ ግቢው ላይ አሪፍ ይይዛል ይላሉ፣ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል። ጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው፣ የኋላ ክፍሎቹ መስኮት የላቸውም። ስልክ መቀየር ይሻላል ወይ?

ድራይቭ_ቴስት_ብቻ

ወንድሜ፣ እነሱ ሞዴል የሚሉት ሲግናል በርቀት ምን ያህል እንደሚደክም የሚተነብይ ስሌት ነው፤ ስልክ አይደለም። ላንተ ግን የሚጠቅም ነገር አለው። ያ ስሌት የሚነግርህ ደጅ ላይ በ1.5 ሜትር ከፍታ ያለውን ሲግናል ብቻ ነው። ግድግዳና ቆርቆሮ የሚወስደውን አይቆጥርም። መስኮት የሌለው የኋላ ክፍል በቀላሉ 15 ዲቢ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ስልክ ብትቀይር ልዩነቱ ጥቂት ዲቢ ነው። ለክፍሎቹ ዋይፋይ አስገባና ስልኩ በዋይፋይ ይሥራ። ከዚያ ይልቅ ከኋላ ግድግዳው ላይ መስኮት ብታስከፍት ለእንግዳውም ለሲግናሉም ይበጃል።

ራዲዮ_ሐዋሳ

ጋሼ፣ እንዳሉት ከፋፈልኩት። ስህተት ስል የተለካው ሲቀነስ የተተነበየው ነው፤ ፕላስ ከሆነ መሬት ላይ ያለው ከትንበያው የተሻለ ነው።

ወደ ከተማው የሚያየው ሴክተር 2400 ነጥብ አለው፣ አማካይ ስህተቱ −5 ዲቢ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 7። የሐይቁ ሴክተር 1500 ነጥብ፣ አማካዩ +13፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 6። የተራራው 500 ነጥብ ብቻ፣ አማካዩ −18፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 9።

ስደምራቸው እውነትም −0.3 ይመጣል። በካልኩሌተር ደግሜ ሠራሁት። አንዱ የሌላውን ጥፋት ሲከፍል ነበር። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ደስ ስለሚል ረጅም ሰዓት እዚያ ለካሁ፤ ነጥቡ የበዛው ለዚያ ነው። መንገዱን ባሳጥረው ኖሮ አማካዩም ሌላ ቁጥር ይሆን ነበር ማለት ነው?

የድሮ_ታወር

አዎ። ሐይቁ ዳር የለካሽውን በግማሽ ብትቀንሺው አማካይሽ ወደ −3 ገደማ ይወርድ ነበር። ሞዴሉም ሳይቱም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ያንቺ መንገድ ብቻ ነው። ለአለቃሽ ይህን ብቻ ብታሳዪው ይበቃዋል። ደግሞ 12.5 የሚለው ቁጥር ገና ከመጀመሪያው እየጮኸ ነበር። በየሴክተሩ 6፣ 7፣ 9 ነው። ሰባትና ስምንት ጤነኛ ነው፤ የቤቶችና የዛፎች ጥላ የሚያመጣው ነው። ሲደመሩ ወደ 12.5 ከዘለለ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ገብተዋል ማለት ነው።

አሁን አንድ በአንድ እንይ። ከከተማው እንጀምር፣ ምክንያቱም ለአሥራ አንዱ ሳይቶችሽ ትልቁ እዳ እሱ ነው።

```
L = 46.3 + 33.9*log10(f) - 13.82*log10(hb) - a(hm)
    + (44.9 - 6.55*log10(hb))*log10(d) + C
```

1800ን፣ 30 ሜትርን፣ 1.5 ሜትር ስልክን አስገቢበት። C ዜሮ ይሁን። በ1 ኪሎ ሜትር 136.2 ዲቢ ይመጣል። ርቀቱ በአሥር ሲባዛ 35.2 ዲቢ ይጨመራል። ይህ የከተማው ነው። «ሰብኧርባን» የሚለውን ስትጫኚ ሶፍትዌሩ ከዚህ ላይ የሃታን ማስተካከያ ይቀንሳል። በ1800 ያ 11.9 ዲቢ ነው።

እዚህ ቁጭ ብለሽ አስቢ። 12 ዲቢን በ35.2 ስታካፍዪው ራዲየሱ 2.2 ጊዜ ይረዝማል። ስፋቱ ወደ 4.8 ጊዜ። አንድ ምናሌ ላይ አንድ ቃል በመምረጥሽ የሳይቱን ቁጥር በአምስት ልታካፍዪ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ምናሌ የበለጠ ብር ያባከነ ነገር አላየሁም።

ሰብኧርባን ሲል ደግሞ የማንን ነው? በዚያ ዘመን በቶኪዮ ዙሪያ የነበረ፣ ቤትና ዛፍ ራቅ ራቅ ብሎ የተበተነበት ሰፈር ነው። የሐዋሳ ሰፈር እንደዚያ ነው? መንገዱ ሰፊ ነው፣ እሱ ያግዛል። ግን ቆርቆሮ ቤቱ አጥር ለአጥር ተጠጋግቷል፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዋናው መንገድ ዳር አምስትና ስድስት ፎቅ ተደርድሯል። ያንቺ −5 የሚነግረን የሐዋሳ መሀል ከከተማው ኩርባ 12 ሳይሆን 7 ዲቢ ብቻ እንደሚሻል ነው። 5 ዲቢ ቀላል ይመስላል። ራዲየሱን ግን በ28 በመቶ ያሳጥራል፤ ስፋቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል።

ሒሳብ_ወዳጅ

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ስህተቴን ተቀብያለሁ። ኮስት 231 ላይ C ዜሮ ሲሆን «መካከለኛ ከተማና መጠነኛ ዛፍ ያለው የሰብኧርባን መሀል» ነው የሚለው። 3 የሚሆነው ለትልቅ ከተማ መሀል ነው። ታዲያ C ዜሮ ስናደርግ ሰብኧርባኑ ውስጡ ገብቷል ማለት አይደለም? ሶፍትዌሩ እንደገና 12 ሲቀንስ ሁለት ጊዜ እየቀነሰ አይደለም?

የድሮ_ታወር

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በዚህ ነገር ለዓመታት ተጨቃጭቀናል። አንዳንዱ የሃታው ማስተካከያ ለ1500 እና ከዚያ በታች ስለሆነ ከኮስት ጋር አይደመርም ይላል። ሌላው ደግሞ ሲደመር መሬት ላይ የተሻለ ገጥሞልኛል ይላል። ሶፍትዌሮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። እኔ የማደርገው ሁለቱንም አስኬዳለሁ፣ መሬት ላይ ያለው ከየትኛው እንደሚጠጋ በድራይቭ ቴስት አያለሁ። እዚህ መሀል ላይ ነው የወደቀው፤ ስለዚህ ሁለታችንንም አላስደሰተም።

አዳማ_ንፋስ

እኔ አዳማ ነኝ፤ የእኔ ነገር ከእሷ ጋር ይመሳሰላል። ከተማችንን ኮረብታ ከቦታል። አንድ ሳይታችን ሸንተረር ላይ ነው። ሞዴሉ ላይ የታወሩን ቁመት 30 ሜትር አስገባሁ። ከታች ካለው ሜዳ ግን ሸንተረሩ ራሱ ወደ 70 ሜትር ከፍ ይላል። መሬት ላይ ስለካ በ3 ኪሎ ሜትር ሲግናሉ ከትንበያው በ9 ዲቢ ገደማ የተሻለ ነው። ያኔ ደስ አለኝ። በኋላ ግን ከተማው መሀል ያሉት ሳይቶች በሙሉ በእሱ ሲግናል ተረበሹ። ሲግናሉ ጠንካራ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል። እህቴ፣ አንቺም ከፍታውን አይተሽዋል?

የድሮ_ታወር

አዳማ ንፋስ፣ 9 ዲቢህ ከሒሳቡ ጋር ይገጥማል። 30ን አውጥተህ 100 አስገባ፤ በ3 ኪሎ ሜትር ከ153.0 ወደ 144.1 ይወርዳል። ፎርሙላው የሚፈልገው ከታወሩ ሥር ያለውን ቁመት አይደለም፤ ከአካባቢው አማካይ መሬት በላይ ያለውን ነው። ኦኩሙራ ያንን አማካይ የወሰደው ከሳይቱ ከ3 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ባለው መሬት ላይ ነው።

ለሐዋሳ ግን ይህ ራሱ ጣጣ አለው። የእሷ ሴክተር 2 ኪሎ ሜትር ነው የሚሸፍነው። ከ3 እስከ 15 ያለውን አማካይ ስትወስድ ከሴክተሩ ውጭ ያለውን መሬት ነው የምትቆጥረው፤ በአንድ በኩል የሐይቁን ማዶ ሁሉ ያስገባባታል። ለዚህ ንጹሕ መልስ የለኝም። እኔ እስከ ሴክተሩ ጫፍ ያለውን መሬት ብቻ እወስዳለሁ።

አሁን ወደ ሐይቁ። ልጄ፣ አሣ አጥማጆቹ ጋ ያየሽውን −95 ወደ ኪሳራ ቀይሪው። ከአንቴናሽ የሚወጣው የሪፈረንስ ሲግናል 32 ዲቢኤም አካባቢ ከሆነ ኪሳራው 127 ዲቢ ነው። ሰብኧርባኑ ለ3 ኪሎ ሜትር 141 ይላል። የሃታ ገላጣ መሬት 121 ይላል። ያንቺ መሀል ላይ ነው። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሞገዱ ከታወሩ እስከ ሐይቁ ዳር ጥቂት ቤት ይሻገራል፣ ከዚያ ውኃ ነው፣ ከዚያ አንቺ ባዶ ዳርቻ ላይ ቆመሻል። መሀል ላይ የሚጋርደው የለም።

+13 ሲመጣ ሰው ትርፍ ይመስለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን እሱ ነው። ውኃው ላይ ሲግናሉ 3 ኪሎ ሜትር ላይ አያቆምም። ስልኮቹ ከሳይቱ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን የታይሚንግ አድቫንስ ቆጣሪ አውጪና ተመልከቺ። በኤልቲኢ አንዱ ደረጃ ወደ 78 ሜትር ነው። 90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ካየሽ ስልኮቹ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው ያንቺን ሴክተር የያዙት።

ራዲዮ_ሐዋሳ

አወጣሁት። ከ95 እስከ 110 ባለው ላይ ጉብ ያለ ነገር አለ። ከ40 እስከ 90 ምንም የለም ማለት ይቻላል። ባዶው ውኃው ነው። ማዶ ያሉት ሰዎች የእኔን ሴክተር ይዘዋል! ካርታዬ ላይ እኮ ማዶው ነጭ ነበር።

የአንቴናውን ቲልት ዝቅ ላድርገው? አሁን 3 ዲግሪ ነው።

ድራይቭ_ቴስት_ብቻ

ዝቅ አድርጊው፣ 6 ወይም 7 ዲግሪ። እኛ ሁሌ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የድሮ_ታወር

ዝቅ ይደረግ፣ ግን ምን እንደሚሠራ ይታወቅ። አንቴናው 30 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ሆነሽ 500 ሜትር ላይ ያለውን ሰው ስታዪ ወደ ታች 3.4 ዲግሪ ነው። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን ስታዪ 0.6 ነው። ማዶ 8 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው 0.2። አሣ አጥማጁና ማዶ ያለው ሰው ለአንቴናው አንድ ቦታ ናቸው። ቲልት ሁለቱን አይለያቸውም፤ ማዶውን ስትቀንሺ ዳርቻውንም በዚያው ልክ ትቀንሻለሽ። እዚያ ግን 13 ዲቢ ትርፍ ስላለሽ ትችያለሽ። ሞዴሉን አምነሽ ቢሆን ኖሮ ዳርቻው ደካማ ነው ብለሽ ቲልቱን ከፍ ታደርጊው ነበር፤ ጥፋቱ እዚያ ነበር የሚመጣው።

ማዶ ያሉት ሰዎች ሌላ ሳይት ከሌላቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከመቁረጥሽ በፊት ያንን አጣሪ። ሰው ስልክ እየደወለበት ያለ ሲግናል ነው።

ራዲዮ_ሐዋሳ

እሺ ጋሼ። የተራራውስ? ሶፍትዌሩ ላይ «ዲፍራክሽን» የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። እሱን ባበራው አይበቃም? የተራራው ትከሻ ከሳይቱ 600 ሜትር ላይ ነው። ከአንቴናው ወደ ቤቶቹ ቀጥታ መስመር ብሰምር ተራራው ከመስመሩ ወደ 40 ሜትር ይበልጣል። ቤቶቹ ከትከሻው 400 ሜትር ወዲያ ናቸው።

የድሮ_ታወር

እንሥራው። ሞገዱ በ1800 17 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች የስለት ጠርዝ ሒሳቡ ወደ 32 ዲቢ ኪሳራ ይሰጣል። አሁን ተጠንቀቂ። ምልክቱን ስታበሪ ሶፍትዌሩ ይህን 32 በሙሉ ሰብኧርባኑ ላይ ከደመረው 124 + 32 = 156 ይሆናል። አንቺ የለካሽው ግን 124 + 18 = 142 ነው። በ18 ታልፊ የነበረው አሁን በሌላ በኩል በ14 ታልፊያለሽ። ካርታሽ ከአረንጓዴ ወደ ነጭ ይዘላል፣ ሁለቱም ሐሰት ነው።

ለምን? 32ቱ የሚደመረው ምንም በሌለበት ባዶ አየር ላይ ነው፤ እሱ በ1 ኪሎ ሜትር 97.6 ነው። የሃታ 124 ግን በውስጡ ጣሪያ ላይ የሚታጠፍን ሞገድ ሁሉ አስቀድሞ ቆጥሯል። ሁለቱን ሙሉ በሙሉ መደመር አንዱን ኪሳራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ስለዚህ ነው ፕላኒንግ ሶፍትዌሮች ላይ ዲፍራክሽኑን የሚያባዛ ቁጥር ያለው፤ ስታንዳርድ ፕሮፓጌሽን ሞዴል ላይ K4 ይሉታል። ያንቺ 18 ለ32 ሲካፈል 0.56 ነው። ከዚያ አካባቢ ጀምሪ።

ግን ይህን 0.56 ለአሥራ አንዱ ሳይቶች እንዳታድዪ። ከአንድ ተራራ የወጣ ነው። ለአላሙራ ተራራ ሥራ ካለሽ እዚያም ራሱን ለኪ።

ድራይቭ_ቴስት_ብቻ

እዚህ ጋ ጋሼን ልቃወም። 0.56ንም አልምነውም፣ 18ንም አልምነውም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ስካነር ነበረሽ ወይስ በስልክ ነው የለካሽው? በስልክ ከሆነ ስልኩ የሚመዘግበው የያዘውን ሳይት ነው። ከተራራው ጀርባ ሲግናሉ በጣም ሲደክም ስልኩ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል፣ ወይም ይጠፋል። መጥፎዎቹ ነጥቦች ዝርዝርሽ ውስጥ የሉም። 500 ብቻ የሆነው ለዚያ ይመስለኛል። የቀሩት ዕድለኞቹ ናቸው። እውነተኛው ስህተት ከ−18 ይብሳል።

ሁለተኛው፣ ከተማውን በምን ነዳሽ? ስልኩ የት ነበር?

ራዲዮ_ሐዋሳ

በስልክ ነው። ስካነሩ ሌላ ክልል ሄዶ ነበር።

ከተማውን በባጃጅ ነው የዞርኩት። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስልኩን አጠገቤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሐይቁ ዳር ግን ብዙውን በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ስልኩን ወደ ላይ ይዤ።

ድራይቭ_ቴስት_ብቻ

ያው ነው ያልኩት። ባጃጁ ላይ ስልኩ ከሹፌሩ፣ ካንቺና ከብረቱ መሀል ነው። ጥቂት ዲቢ እዚያ ቀርቷል። ሐይቁ ዳር እጅሽ ላይ ነው፣ ያንን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ከ−5 ላይ ሁለት ወይም ሦስቱ የሐዋሳ ሳይሆን የባጃጁ ሊሆን ይችላል። ጋሼ «ከ12 ሳይሆን ከ7 ነው» ያሉት 9 ወይም 10 ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ጥሬውን ንባብ ነው ያወዳደርሽው ወይስ አማክለሽ? መብራት ላይ ስትቆሙ መቶ ንባብ ከአንድ ቦታ ይመጣል። በየ7 ሜትሩ፣ ማለትም በ40 ሞገድ ርዝመት፣ አንድ አማካይ አድርጊው።

የድሮ_ታወር

ይህን አልጠየቅኳትም ነበር፤ ልክ ነህ። የተራራው 18 ዝቅተኛው ነው ብለን እንያዘው። ስለ ባጃጁ ግን 3 ዲቢ ሙሉ እንደሚሆን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ጎኑ ክፍት ነው፣ ጣሪያው ሸራ ነው። መለካት ይቻላል። ባጃጁን አንድ ቦታ አቁሚና ስልኩን ወንበሩ ላይ አድርገሽ፣ ከዚያ ከውጭ ጣሪያው ከፍታ ላይ ይዘሽ፣ በዚያው ጥቂት ሜትር ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረግሽ ሁለቱን አማክዪ። አሥር ቦታ ላይ ድገሚው። ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሒሳብ_ወዳጅ

እኔ የመጀመሪያው መልሴን ላጠፋው ነበር፣ ግን ይቆይ፤ ሌላ ተማሪ ያንኑ ሊያስብ ይችላል። አንድ ጥያቄ ብቻ። ሦስት ሴክተር ሦስት ዓይነት ማስተካከያ ካደረግን ሞዴል መሆኑ ቀረ ማለት አይደለም? ለያንዳንዱ ሳይት እንዲህ ካደረግን ምኑን ተነበይን?

የድሮ_ታወር

በሴክተር አይደለም መከፈል ያለበት፤ ሴክተሩ ለምርመራ ነው የረዳን። የሚከፈለው በምክንያቱ ነው። መንገዱ ውኃ ላይ ከሆነ አንድ፣ ተራራ ከጋረደው አንድ፣ ቤት መሀል ከሆነ አንድ። ያ ለሌላው ሳይት ይሻገራል። ለዚህ ዲጂታል ካርታ ያስፈልጋታል። 20 ሜትር ጥራት ያለው በቂ ነው። እሱ ሳይገዛ አሥራ አንድ ሳይት መቀጠል ግን ልክ አይመስለኝም፤ ለአለቃሽ ከእኔ ይልቅ የታይሚንግ አድቫንሱን ግራፍ አሳዪው።

ራዲዮ_ሐዋሳ

ግራፉን አሳየሁት። መጀመሪያ «ቆጣሪው ተሳስቶ ይሆናል» አለኝ። ከዚያ የሐይቁን ካርታ አጠገቡ አድርጌ ባዶው የውኃው ስፋት መሆኑን ሳሳየው ዝም አለ። ለአሥራ አንዱ ሳይቶች ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። ካርታውን ግን ገና አልፈቀደም።

የባጃጁን ነገር ዛሬ ጠዋት ሞከርኩ። ሹፌሩ በጣም ተባበረኝ፣ ምን እንደምሠራ ሲገባው እሱ ራሱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዝልኝ ጀመር። አሥሩ ቦታ ላይ ልዩነቱ በአማካይ 2.4 ዲቢ ነው፣ ግን አንዱ ቦታ ላይ ዜሮ፣ ሌላው ላይ 6 ነበር። ስለዚህ የከተማውን ስህተት ከ−5 ወደ −2.6 አሻሽዬዋለሁ፤ ይህም ሰብኧርባኑን ከፈራሁት በላይ አስጠጋው። ጋሼ ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሉ እጠብቃለሁ።

ስካነሩ ቅዳሜ ይመጣል። መጀመሪያ ከተራራው ጀርባ ነው ይዤው የምሄደው።